መታወቂያዬን ፎቶ ያነሳሽው ለምንድን ነው? የእንግዳ መረጃ፣ ፈቃድ እና 72 ሰዓት

ባለፈው ክረምት ለሥልጠና ሐዋሳ ሄጄ አንዲት ፔንስዮን አረፍኩ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ መታወቂያዬን ተቀበለችኝ። በራሷ ስልክ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አነሳችው። ከዚያ ስሜን፣ የመጣሁበትን ከተማና ስልኬን ትልቁ መዝገብ ላይ ጻፈች። ቁልፌን ይዤ ደረጃውን ስወጣ ነገሩ ከነከነኝ። ስሜም ስልኬም መዝገቡ ላይ ካለ ፎቶው ለምን አስፈለገ? ያውም በግል ስልኳ?

ማታ ስመለስ ጠየቅኳት። «እኔ እንጃ ጋሼ፣ እኛ ሁሌም እንደዚህ ነው የምናደርገው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ክፋት የለባትም። ግን «ሁሌም እንደዚህ ነው» የሚለው መልስ ከ2016 ወዲህ አይበቃም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ያጸደቀው በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ነው። አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ብዙ ነጋዴ አዋጁን ሲሰማ የባንክና የቴሌኮም ጉዳይ ይመስለዋል። አይደለም። ሕጉ የሚያየው የድርጅቱን ትልቅነት ሳይሆን የሰው መረጃ መያዙን ነው። ቤት ውስጥ ለግል ጉዳይህ የያዝከው የስልክ ቁጥር አይመለከተውም። ለንግድህ ብለህ የሰበሰብከው ግን ይመለከተዋል። ኮምፒውተር የለኝም ማለትም አያድንም። በቀንና በስም ተደራጅቶ የሚጻፍ መዝገብም ውስጡ ነው።

ስለዚህ ነገሩን በአንዲት ፔንስዮን ልየው። ፔንስዮኗ የሐሳብ ናት። ከፍቅር ሐይቅ ብዙ ያልራቀች፣ አሥራ አራት ክፍል ያላት እንበል። ባለቤቷ አንዲት ሴት ናቸው። ሁለት የእንግዳ መቀበያ ልጆች በፈረቃ ይሠራሉ። ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ቤተሰብ ያርፍባታል። በሥራ ቀናት ደግሞ የስብሰባና የሥልጠና ሰው።

ለየትኛው ነው ፈቃድ የሚጠየቀው?

እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ ፈቃድ ለምንም አያስፈልግም ይላል። ሌላው ደግሞ አንድ ወረቀት አዘጋጅቶ «በሁሉም ነገር ተስማምቻለሁ» ብሎ ያስፈርማል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሕጉ መረጃ ለመያዝ ከአንድ በላይ ምክንያት ይቀበላል። የሰውየው ፈቃድ አንዱ ብቻ ነው። ውል መፈጸም ሌላው ነው። በሕግ የተጣለ ግዴታም አለ።

ፔንስዮኗ ጋር እንምጣ። እንግዳው ደውሎ ክፍል ሲይዝ ስሙንና ስልኩን ይሰጣል። ያ ባይኖር ክፍሉን ማቆየት አይቻልም። ምክንያቱ ውሉ ነው፣ ለዚህ የተለየ ፈቃድ ማስፈረም አያስፈልግም። መዝገቡ ላይ ማን መቼ እንዳደረ መጻፍ ደግሞ ከፀጥታ ጋር የተያያዘ የማረፊያ ቤቶች ግዴታ ነው። እዚህ ላይ «ፈቃደኛ ነዎት ወይ?» ብሎ መጠየቅ እንዲያውም ማታለል ይሆናል። እንግዳው «አይ» ቢል የሚለወጥ ነገር የለማ። ሰው እምቢ ማለት የማይችልበትን ነገር ፈቃድ ብለህ ማስፈረም የለብህም። «ይህን የምንመዘግበው ግዴታ ስለሆነ ነው» ብሎ መንገር ይበቃል።

ሦስተኛው ነገር ማስታወቂያ ነው። ባለቤቷ ለበዓል ሰሞን «የክፍል ዋጋ ቀንሰናል» የሚል መልእክት ለድሮ እንግዶች መላክ ይፈልጋሉ። ስልኮቹ እጃቸው ላይ ናቸው። ግን እንግዳው ስልኩን የሰጠው ለክፍሉ ነው። ለማስታወቂያ አልሰጠም። ፈቃድ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው።

ፈቃዱ እንዴት ይሁን? እንግዳው ምን እንደሚፈቅድ አውቆ፣ ሳይገደድ፣ ለዚያ ለተለየ ነገር፣ በግልጽ መስጠት አለበት። ዝም ማለት ፈቃድ አይደለም። ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥንም አይደለም። የምዝገባው ቅጽ ሥር በደቃቅ ጽሑፍ የተወሸቀ ዓረፍተ ነገርም እንዲሁ። ቅጹ ላይ ብቻውን የቆመ እንዲህ ያለ መስመር ቢኖር ግን ይሠራል፦

«ስለ ዋጋ ቅናሽ በዚህ ስልክ አጭር መልእክት እንድትልኩልኝ እፈልጋለሁ። ☐ አዎ ☐ አልፈልግም። ሐሳቤን ከቀየርኩ "ይቅር" ብዬ መላክ እችላለሁ። አለመፈለጌ ክፍሉን ወይም ዋጋውን አይለውጥም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ቀላል አይደለችም። እንግዳው እምቢ በማለቱ የሚያጣው ነገር ካለ ፈቃዱ ነጻ አይደለም። «ይቅር» የምትለው ቃልም ቁም ነገር አላት። ፈቃድ መሰረዝ ፈቃድ ከመስጠት መክበድ የለበትም። በአንድ ምልክት የተሰጠ ፈቃድ ቢሮ ድረስ መጥተህ አመልክት ሲባል ከብዷል ማለት ነው።

ጠብ ሲነሳ ደግሞ ማስረጃ የሚጠየቀው ነጋዴው ነው። እንግዳው «እኔ አልፈቀድኩም» ካለ መፍቀዱን የምታሳየው አንተ ነህ። ቅጹ ራሱ፣ ቀኑና የጊዜው ቃል አብረው ይቀመጡ። ባለቤቷ ዝርዝሩን ልብስ መሸጫ ላላት እህታቸው ቢሰጡስ? ያ አዲስ ዓላማ ነው። የቀድሞው ፈቃድ እህትየው ሱቅ ድረስ አይሄድም።

የመታወቂያው ፎቶ

አሁን ወደ ከነከነኝ ነገር ልመለስ። ፎቶው የትኛው ምክንያት ውስጥ ይገባል? ክፍሉን ለማከራየት አያስፈልግም። መዝገቡም ስሙንና የመታወቂያ ቁጥሩን በእጅ በመጻፍ ይሞላል። ሰውየው እውነት መታወቂያው ላይ ያለው ሰው መሆኑን ለማረጋገጥ በዓይን ማየት ይበቃል። ያየኸውን መታወቂያ ትመልሳለህ፣ አለቀ። ሕጉ ለዓላማው የሚበቃውን ያህል ብቻ ውሰድ ይላል። ፎቶው ከዚያ ያልፋል።

ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው። በየክልሉ የሚሰጡ ብዙ የቆዩ የቀበሌ መታወቂያዎች ላይ «ብሔር» የሚል መስመር አለ። የብሔር መረጃ በአዋጁ ጥብቅ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሚስጥራዊ መረጃዎች አንዱ ነው። ጤና፣ ሃይማኖትና የጣት አሻራም እዚያው ይመደባሉ። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ የማንንም ብሔር መሰብሰብ አልፈለገችም። መታወቂያ ፎቶ ማንሳቷ ብቻ ሰብሳቢ አደረጋት። በየሳምንቱ የብዙ ሰው ፊት፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻና ብሔር ማን መቼ እንዳደረ ከሚናገር መዝገብ ጎን ለጎን ይጠራቀማል። ይህ ስብስብ የተሳሳተ ሰው እጅ ቢገባ ምን እንደሚያመጣ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሐሳቡ ራሱ ያስፈራኛል።

አንድ ዓርብ ማታ

ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። በሐሳብ ፔንስዮናችን ካሉት ሁለት የእንግዳ መቀበያ ልጆች አንዷ ፈረቃዋን ጨርሳ ፒያሳ አካባቢ ባጃጅ እየጠበቀች በስልክ ታወራለች። አንድ ልጅ ስልኩን ከጆሮዋ መንትፎ ይሮጣል። ስልኩ ተከፍቶ ነበር፣ እያወራችበት ስለነበር። ጋለሪው ውስጥ ከሰኔ ጀምሮ የተነሱ የመታወቂያ ፎቶዎች አሉ። ቴሌግራሟ ላይ ደግሞ ሁለቱ ልጆችና የፔንስዮኗ ባለቤት ፎቶ የሚለዋወጡበት ግሩፕ አለ።

ልጅቷ ያለቀሰችው ለስልኳ ነው። ለባለቤቷ የነገረቻቸው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሥራ ስትገባ ነው። እሳቸውም መጀመሪያ «አይዞሽ፣ እንኳን አንቺን አልጎዱሽ» አሉ። ደግ ቃል ነው። ግን ሌላም ነገር ተፈጥሯል። የእንግዶች መረጃ ከፔንስዮኗ ቁጥጥር ወጥቷል። የመረጃ ጥሰት ማለት በኮምፒውተር ሰብሮ መግባት ብቻ አይደለም። መሰረቅ፣ መጥፋት፣ ለማይገባው ሰው መላክ፣ ያለ ፈቃድ መታየት ሁሉም ጥሰት ነው። «የተሰረቀው የሠራተኛዋ ስልክ እንጂ የኛ አይደለም» ማለትም አይቻልም። መረጃው ለምን እንደሚሰበሰብ የወሰነችው ፔንስዮኗ ናት፣ ተጠያቂዋም እሷ ናት።

አዋጁ እንዲህ ያለውን ጥሰት ለባለሥልጣኑ በ72 ሰዓት ውስጥ አሳውቁ ይላል። 72 ሰዓት ሦስት ሙሉ ቀን ነው። ቅዳሜና እሁድ አይዘለሉም። ከባለቤቷ ማወቅ ከተቆጠረ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያልቃል። ከልጅቷ ማወቅ ከተቆጠረ ደግሞ ሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ። ልጅቷ የፔንስዮኗ ሠራተኛ ስለሆነች እኔ ብሆን በሁለተኛው እቆጥራለሁ። የሚከራከርህ አይኖርም።

መጀመሪያ ግን ደብዳቤ አይደለም፣ መዝጋት ነው። በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የጉግል አካውንቷን ከፍቶ የተሰረቀውን ስልክ መቆለፍ ወይም ውስጡን ማጥፋት። ቀጥሎ ሲም ካርዱን ለቴሌ ደውሎ ማዘጋት። ከዚያ ቴሌግራም። Settings ውስጥ Devices ገብቶ የተሰረቀውን ስልክ ማስወጣት ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቴሌግራም አሁን በገባህበት አዲስ ስልክ ወዲያው የድሮውን እንድታስወጣ አይፈቅድም። ቆይ ይልሃል። ቀድሞ ተከፍቶ የቆየ ሌላ መሣሪያ ካለ ግን ወዲያው ይሆናል። የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ላይ የእሷ ቴሌግራም ተከፍቶ ከነበረ እሰየው። ካልነበረ ባለቤቷ ከራሳቸው ስልክ የግሩፑን ፎቶዎች ለሁሉም እንዲጠፉ አድርገው ይሰርዛሉ፣ ልጅቷንም ለጊዜው ከግሩፑ ያስወጣሉ። ከመሰረዛቸው በፊት ግን ምን ምን እንደነበረ መመዝገብ አለባቸው። ሳይመዘግቡ ከሰረዙ ቀጣዩን ጥያቄ መመለስ አይችሉም።

ቀጣዩ ጥያቄ፦ የስንት ሰው? የማን?

ቅዳሜ ከሰዓቱን የሚበላው ይህ ነው። ልጅቷ ስንት ፎቶ እንዳነሳች አታውቅም። ፎቶዎቹ ወደ ጉግል የሚገለበጡ ከነበረ እዚያ ገብቶ መቁጠር ይቻላል። ካልሆነ መዝገቡ ያድናል። ከሰኔ ጀምሮ በእሷ ፈረቃ የገቡ እንግዶችና ፎቷቸው ግሩፑ ላይ የነበረ ሌሎች ይቆጠራሉ። 340 ሰው ወጣ እንበል። ስማቸውም ስልካቸውም መዝገቡ ላይ ስላለ ማን ጋ መደወል እንዳለባቸው አወቁ። ቁጥሩ ልክ እስኪሆን መጠበቅ አያስፈልግም። «ወደ 340 የሚጠጉ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፣ ሲጣራ ማስተካከያ ይላካል። ብዙዎች ሰዓቱን የሚያባክኑት ሁሉንም እስክናውቅ ብለው ነው።

ለባለሥልጣኑ የሚላከው ጽሑፍ አንድ ገጽ አይሞላም። ይዘቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ዓርብ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛችን ስልክ ተከፍቶ ሳለ ተነጥቋል። ስልኩ ውስጥ ወደ 340 የሚጠጉ እንግዶች የመታወቂያ ፎቶ አለ። ፎቶዎቹ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻና የመታወቂያ ቁጥር፣ በአንዳንዶቹም ላይ ብሔር ያሳያሉ። የባንክ መረጃ የለበትም። እንግዶቹ በስማቸው ሊታለሉ ወይም ማንነታቸው ሊጋለጥ ይችላል። ሲም ካርዱን አዘግተናል፣ ስልኩን ከርቀት ቆልፈናል፣ የግሩፑን ፎቶዎች ሰርዘናል። እንግዶቹን ከእሁድ ጀምሮ እናሳውቃለን። ለተጨማሪ መረጃ የሚደወልላት የፔንስዮኗ ባለቤት ናት።»

ምን እንደተፈጠረ፣ የስንት ሰው ምን ዓይነት መረጃ እንደሆነ፣ ምን ሊያስከትል እንደሚችል፣ ምን እንደተደረገ፣ ማን እንደሚጠየቅ። «የባንክ መረጃ የለበትም» የምትለዋ እውነት ከሆነች ብቻ ትጻፍ። አንድ እንግዳ የክፍያ ደረሰኙን ፎቶ ልኮላት ከነበረ ደረሰኙ ላይ የሒሳብ ቁጥር ሊኖር ይችላል። ከመጻፍ በፊት ይታይ። 72 ሰዓቱ ካለፈም ማሳወቁ አይቀርም። የዘገየበት ምክንያት ይጨመርበታል።

ለእንግዶቹስ? ሰውየው ላይ የሚያመጣው አደጋ ከፍ ያለ ሲሆን ለራሱም ይነገረዋል። እዚህ ከፍ ያለ ነው። ስምህን፣ የመታወቂያ ቁጥርህን፣ የት እንዳደርክ የሚያውቅ ሰው ደውሎ «ከባንክ ነው» ቢልህ ታምነዋለህ። ከዚያ በኋላ የተላከልህን የማረጋገጫ ቁጥር ንገረኝ ይልሃል። ስለዚህ መልእክቱ ሰውየው ምን ማድረግ እንዳለበት መናገር አለበት፦

«በሐምሌ ወር እኛ ጋ ሲያርፉ የተነሳው የመታወቂያዎ ፎቶ ዓርብ ዕለት በተሰረቀ ስልክ ውስጥ አለ። ይቅርታ እንጠይቃለን። ስምዎን ጠርቶ የሚደውል ሰው የይለፍ ቃል ወይም በስልክ የመጣልዎትን ቁጥር ቢጠይቅዎት አይስጡ። ጥያቄ ካለዎት እኛ ጋ ይደውሉ።»

ለየብቻ ይላክ። ሁሉንም አንድ ግሩፕ ውስጥ ጨምሮ መንገር ራሱ ሁለተኛ ጥሰት ነው፣ ማን ከማን ጋር እዚያ እንዳረፈ ይገለጣላ። መልእክቱ ውስጥ ሊንክ አይኑርበት። «መታወቂያዎን ድጋሚ ይላኩልን» የሚባል ነገርም አይሞከር።

አንዳንዴ ታሪኩ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ስልኩ ተቆልፎ፣ ቁልፉም ጠንካራ ሆኖ፣ ቦርሳ ውስጥ እያለ ቢጠፋ ኖሮ ፎቶዎቹን ማንም የማየት ዕድሉ ትንሽ ነበር። በሰዎቹ ላይ አደጋ ያመጣል ተብሎ ካልታሰበ የማሳወቁ ግዴታ ይላላል። ያኔም ቢሆን የሆነውንና እንዲህ ብለን የወሰንበትን ምክንያት ደብተር ላይ መጻፍ ይገባል። ባለሥልጣኑ በኋላ ቢጠይቅ የሚታየው ያ ነው። በዚህ ዓርብ ግን ስልኩ ክፍት ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ያ ነው።

የክፍል መያዣ ድረ ገጽ የሚሠራልህ ልጅ ወይም መልእክት የሚልክልህ ድርጅት ካለም ተመሳሳይ ነው። እነሱ ጋ መረጃ ቢጠፋ ወዲያው ላንተ መንገር አለባቸው። ይህን ውላቸው ላይ ጻፍበት። ለባለሥልጣኑና ለእንግዶችህ የምታሳውቀው ግን አንተ ነህ።

ሰኞ ጠዋት ባለቤቷ ሦስት ነገር ቀየሩ። መታወቂያ በዓይን ይታያል፣ ፎቶ አይነሳም። የእንግዳ ጉዳይ የሚያዘው በፔንስዮኗ ስልክ ብቻ ነው፣ ያም ማታ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። በሌላኛዋ ልጅ ስልክ ያሉት ፎቶዎችም ተሰረዙ።

ከሰዓት በኋላ አንድ እንግዳ መልእክቱ ደርሶት ደወለ። ተቆጥቷል። «አሁን የኔ ምን ምን አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ይህን የመጠየቅ መብት አለው። ባለቤቷ መዝገቡን ገልጠው አነበቡለት፦ ስም፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የገባበትና የወጣበት ቀን። «ፎቶውስ?» አለ። «የተሰረቀው ስልክ ውስጥ ካለው በቀር እኛ ጋ የለም፣ ጠዋት አጥፍተነዋል» አሉት። «ስልኬንስ ለማስታወቂያ?» አለ። ቅጹን ፈልገው አወጡት። «አልፈልግም» የሚለው ላይ ምልክት ነበረ፣ እንደዚያው ነገሩት።